ሕዝቡ ተጠቃሚ ሆኗል

ሰኔ በገባ ቁጥር ጎባ ውስጥ እሠራበት በነበረው ጤና ጣቢያ የሁሉም ሰው ጠባይ ይለወጥ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ብዕር ነክቶ የማያውቀው ሁሉ ወረቀት ይለምናል። ቁስል የሚያጥበው ቁጡው ድሬሰራችን እንኳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሲስተር፣ ከ‹ትጋት› ከፍ ያለ ቃል ይኖራል?» ብሎ ጠይቆኛል። የሐምሌ ባጀት ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሠራተኛ የዓመት ሥራውን በራሱ እጅ ጽፎ፣ ራሱን መዝኖ ማቅረብ ነበረበት። ይህን ደንብ ያመጣው አለቃችን የጤና መኮንኑ ነው። ጽሑፎቹን መጀመሪያ እኔ በእርሳስ አያቸዋለሁ፤ ከዚያ እሱ ደረጃ ሰጥቶ ይፈርማል።

እኔ ነርስ ነኝ፤ ጎባ ተወልጄ ያደግሁ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ከአንድ ጡት የጠባሁ። ለዚህ ሥራ የተመረጥሁት ክፉ ስለሆንሁ ነው። አለቃዬ እንዲያ አላለኝም፤ «ዓይንሽ ጥሩ ነው» ነው ያለኝ፤ ግን ሁለታችንም ምን ማለቱ እንደሆነ እናውቃለን። «ከፍተኛ ጥረት ተደርጓል» የሚል ሳገኝ ከሥሩ «ማን? ምን?» እጽፋለሁ። «ሌት ተቀን ሠርቻለሁ» ለሚለው ደግሞ ቀን ቀን ጠጅ ቤት እንዳየሁት አስታውሰዋለሁ። ሙያ በልብ ነው ይላል የሀገሬ ሰው፤ በሰኔ ግን ሙያ ሁሉ አፍ ላይ ይወጣል። ከሁሉም የወደድኩት የዘበኛውን ነበር። «አንድም ሌባ አልገባም፤ የመጋዘኑ ዕቃ በመዝገቡ ልክ ተገኝቷል» ብሎ አስጽፎ ጣቱን አተመበት። ምን እንደሠራ፣ በምን እንደሚታወቅ፣ ለማን እንደጠቀመ፣ ሁሉም ከአንድ መስመር ይገኛል። እሱን ለሌሎቹ እያነበብሁ በገዛ ጽሑፋቸው ስስቅባቸው ሰነበትሁ።

ያን ዓመት የሳኒተሪያናችን ወረቀት ሲመጣ ግን ሳቄ ቆመ።

ወጣት ነበር። ከጎንደር ትምህርቱን ጨርሶ በቀጥታ ወደ እኛ የተላከ፣ የደብተራ ልጅ፣ ቁም ጽሕፈቱ የሚያስቀና። ሥራው መጸዳጃ ማስቆፈር፣ ሥጋ ቤት መመርመር፣ የመጠጥ ምንጭ ማስገንባት ነው። የሙከራ ዓመቱ ስለነበር መግለጫው ለሱ እንደኛ የወግ ጉዳይ አልነበረም። ከአለቃ «ጥሩ» ካገኘ ቋሚ ይሆናል፤ ካላገኘ ይሰናበታል። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር፤ ከቤቴ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ማለዳ ውኃ ስትቀዳ «ሲስተር፣ ደህና አደሩ?» የምትለኝ እሷ ናት። ስለዚህ ወረቀቱን ሳነሳ ከእርሳሴ ጫፍ ላይ ምን እንዳለ አውቅ ነበር።

እንዲህ ይላል፦ «ከሮቤ ወደ ገሰራ በሚወስደው መንገድ ዳር ዘመናዊ ምንጭ ያለ ምንም እንቅፋት ተገንብቶ ሕዝቡ ተጠቃሚ ሆኗል። በዚህም የሆድ በሽታ በአካባቢው እጅግ ቀንሷል። ኅብረተሰቡ በንጽሕና ረገድ ሙሉ ግንዛቤ አግኝቷል።»

አስጠራሁትና ፊት ለፊቴ አስቀመጥሁት።

«‹ሙሉ ግንዛቤ› ምንድን ነው?»

«አስተምሬያለሁ፣ ሲስተር።»

«ያስተማርኸውን ጻፍ። የገባቸውን አንተ አታውቅም።»

ሰረዘ።

«የሆድ በሽታው መቀነሱን በምን አወቅህ?»

«ከአካባቢው ክሊኒክ መዝገብ። የታማሚው ቁጥር ወርዷል።»

«የክሊኒኩ ድሬሰር በልጉን ሙሉ ታሞ እዚህ እኛ ዘንድ ተኝቶ እንደነበር ታውቃለህ? ክሊኒኩ ዝግ ነበር። በዝግ በር ማን ገብቶ ይመዘገባል?»

ፊቱ ቀላ። ያንንም ሰረዘ። እውነቱን ለመናገር ውሸታም አልነበረም። መልካም የሚመስለው ቁጥር ሲያገኝ ከየት እንደመጣ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ የሰው ሁሉ ድካም ነው።

«ምንጩ ራሱስ? ተሠርቷል፣ ይሁን። ‹ተጠቃሚ ሆኗል› ብለሃል። ማን ይጠጣዋል?»

የቀለም ጠርሙሱን አየ፣ መስኮቱን አየ። ውጭ ከሳነቴ ደጋ የወረደው ጉም የጤና ጣቢያውን አጥር ውጦታል።

«ግንባታው በደንቡ ነው፣ ሲስተር። የምንጩን ዓይን ቆፍሬ ጠጠር አልብሻለሁ፣ ማጠራቀሚያው በድንጋይና በሲሚንቶ ነው፣ ክዳን አለው፣ ጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ አለው፣ በክሎሪንም አጥቤዋለሁ።»

«ያን አልጠየቅሁህም።»

«እባክዎ ይህችን እንዳለች ይለፏት» አለ። ድምፁ ልመና ነበር፣ ግን ከልመናው ሥር ሌላ ነገር ነበረበት። ፍርሃት ብዬ ያን ዕለት ልጠራው አልደፈርሁም። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ የሚፈራ ሰው ፊቱ ሌላ ነው፤ እሱን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የኔ ደንብ አንድ ነው፤ ያላየሁትን አላልፍም። በማግስቱ ማለዳ የመሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር አስፈቅጄ አብረን ሄድን። ሮቤን አልፈን የገብስ ማሳ ውስጥ ገባን። ጭቃው መኪናውን እያንሸራተተ፣ ጉሙ ፈረሰኞችን አንዴ እያሳየን አንዴ እየደበቀብን ደረስን።

ምንጩ ያምራል። እውነቱን መናገር አለብኝ፣ ከመኪና ሳይወርዱ የሚታይ ቆንጆ ሥራ ነው። ዓይኑ ከዳገቱ ላይ ነው፤ እሱ ግን ቦይ አስቆፍሮ በቧንቧ እስከ መንገዱ ዳር አውርዶታል፤ ለመንደሩም እንዲቀርብ፣ ለሚመጣ እንግዳም እንዲታይ። ውኃው ከቧንቧው እየወረደ ከመቅጃው ድንጋይ ላይ ይፈሳል፣ ይፈሳል። ቀጂ ግን የለም። መቅጃው አረንጓዴ ሽበት አውጥቷል። በዙሪያው ባለው ጭቃ ላይ የወፍ እግር እንጂ የሰው እግር አልነበረም። የእንስራ ጠርዝ የነካው ድንጋይ ይታወቃል፤ የዚህ መቅጃ ድንጋይ ግን እንደተሠራ ነው።

ወደ ታች ስመለከት ሴቶች ከብት ከሚጠጣበት ድፍርስ ቦይ ጎንበስ ብለው ይቀዳሉ። ከንጹሑ ውኃ ወደዚያ ድረስ ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል።

ያኔ ነው ድምፁን የሰማሁት። ቧንቧው ፏ ብሎ ሲፈስ ቆይቶ በመሀል ያቋርጥና በረጅሙ ይተነፍሳል፤ የደከመው ሰው ከእንቅልፉ ሊባንን ሲል እንደሚተነፍሰው። እንደገና ይፈሳል፣ እንደገና ይተነፍሳል። 

«አየር ነው» አለ ሳኒተሪያኑ፣ እኔ ሳልጠይቀው። «ውኃው ቧንቧውን ስለማይሞላው አየር ይስባል። ሌላ አይደለም።» ይህን ሲል ግን ቧንቧው ወደሚያልፍበት መሬት አያይም ነበር።

ከሴቶቹ አንዷን በኦሮምኛ ሰላም ብዬ ከዚህኛው ለምን እንደማትቀዳ ጠየቅኋት። እንስራዋን ወደ ደረቷ ሳብ አድርጋ፣ «ያ የሰው ውኃ ነው» አለችኝ። ሌሎቹም ፊታቸውን አዞሩ። ጥቂት ቆይተን አንድ ሽማግሌ ከላይ ከመንደሩ ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው ወረዱ። ነጭ ጥምጥም ጠምጥመዋል። የልጅነት ፈንጣጣዬን ጠባሳ ሳይቀር እስኪያውቁ ትክ ብለው አዩኝና «ነጋ ቡልቴ፣ ኢንታላ ኮ?» አሉኝ፤ ልጄ፣ ደህና አደርሽ ማለታቸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ፣ አባባ። ደህና ነኝ። ይህ ምንጭ ምን ሆነ?»

ሽማግሌው ወደ ሳኒተሪያኑ ዞሩ። «አንተ ንገራት» አሉት በአማርኛ፣ ያለ ቁጣ።

ነገረን። ቧንቧው የሚቀበርበትን ቦይ ሲያስቆፍር አጥንት ወጣ። ድንጋይ አልተከመረበትም፣ ምልክት የለውም፤ መቃብር መሆኑን ማንም አልነገረው። አብሮት የነበረው አንድ የቀን ሠራተኛ ነው። ሽማግሌዎች ቢጠሩ ሥራው ይቆማል፤ ሥራው ከቆመ ዓመቱ ያልቃል፤ ዓመቱ ካለቀ መግለጫው ላይ የሚጽፈው ምንጭ የለውም። ስለዚህ አልጠራቸውም። «ግን እንደ ውሻ አልጣልሁትም፣ ሲስተር» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ነጠላዬን አውልቄ ገነዝሁት። የራስ ቅሉ ከወደ ምሥራቅ ሆኖ ነበር ያገኘሁት፤ በጦርነት ወይ በወረርሽኝ ጊዜ በጥድፊያ የተቀበረ መስሎኝ አዘንኩለት። እኔ አስተካከልኩት። ራሱን ከምዕራብ፣ እግሩን ከምሥራቅ አድርጌ፣ ‹አቡነ ዘበሰማያት› ደግሜለት መልሼ ቀበርሁት።»

ከአባቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ያደገ ልጅ፣ ሙት ሁሉ ትንሣኤን ወደ ምሥራቅ እያየ የሚጠብቅ ይመስለዋል። የእስላም ቀብር ቆሞ አያውቅም። እኔ ግን ጎባ ያደግሁ ነኝና ገና ሲናገር ስህተቱ ገባኝ።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን መሬቱ ላይ አጋደሙት። «እኛ በቀኝ ጎኑ እናስተኛዋለን» አሉ። «ራሱ በዚህ፣ በፀሐይ መውጫ። ፊቱ በዚያ፣ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ።» ወደ ሰሜን ጠቆሙ። ከዚያ ምርኩዙን ጫፍ ለጫፍ ገለበጡት። «ይሄ ልጅ ክፉ አይደለም። ልብሱን ሰጥቶታል፣ በአምላኩም ለምኖለታል፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉን አይቶ ነግሮናል። ግን የኛን ሰው ገልብጦ አስተኛው፤ በላዩም ውኃ ለቀቀበት። እና እሱ ተኝቷል ትያለሽ? ስሚው እስኪ።»

ቧንቧው ተነፈሰ።

አየር መሆኑን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቅ ነበር። ግን እንኳን የመንደሩ ሴቶች፣ እኔም ከዚያ ውኃ በእጄ እፍኝ ዘግኜ ወደ አፌ ማስጠጋት አልቻልሁም። ሳኒተሪያኑ፣ «ማታ ማታ ቤት ድረስ ይሰማኛል» አለ ቀስ ብሎ። «ሚስቴ ስትተነፍስ እባንናለሁ።»

«ምን ይሁን ትላላችሁ?» አልኋቸው ሽማግሌውን።

«ይውጣ። በወጉ ይመለስ። ዱዓ ይደረግ። ቱቦው በሱ ላይ አይለፍ፣ በጎን ይዙር።» ትንሽ አሰቡና ወደ ልጁ ተመለከቱ። «አንተም ትገኛለህ። ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ስንመልሰው ቆመህ ታያለህ።»

ይህ ሁሉ የሳምንታት ሥራ ነው። ቧንቧ መጨመር አለበት፣ ሲሚንቶ መለመን አለበት። መግለጫው ግን በዚያው ሰሞን ይፈረማል። 

እንደተመለስን ሳኒተሪያኑ ቢሮ ገብቶ አዲስ ወረቀት ወሰደና ከፊቴ ተቀምጦ ጻፈ። ምንም አልነገርሁትም። ሲጨርስ አቀበለኝ። «አንድ ምንጭ ሠርቻለሁ። ማንም አይጠጣውም። ቦይ ሳስቆፍር መቃብር ነክቼ ለባለቤቶቹ ሳልነግር ደበቅሁ፤ የማይጠጡት ስለዚህ ነው። ለማረም ከሽማግሌዎች ጋር ተስማምቻለሁ፤ እስካሁን ግን አልታረመም። የሆድ በሽታ መቀነሱን አላውቅም።» ለራሱ የሰጠው ደረጃ «ደካማ» ነበር።

በዚያ ወረቀት ላይ እርሳሴ የሚነካው ቦታ አጣ። በሥራ ዘመኔ ያነበብሁት ከሁሉ የበለጠ መግለጫ እሱ ነው። አንድ ቃል አልዋሸም፣ አንድ ነገር አልደበቀም፣ የማያውቀውን አላውቅም አለ። ደስታ መሆን ነበረበት፤ እኔ ግን «ደካማ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ አነበብኋት።

የኔን አስተያየት አያይዤ ወደ አለቃችን ገባሁ። «የጻፈው ሁሉ በዓይኔ ታይቶ የተረጋገጠ ነው። ጥፋቱን ራሱ አግኝቶ ማረም ጀምሯል፤ የሙከራ ጊዜው ይራዘምለት» ይላል። አለቃዬ ሁለቱንም ጽሑፍ፣ የተሰረዘውንም አዲሱንም፣ ጎን ለጎን ዘርግቶ አነበበ። መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ሲያሽ ቆየ።

«የመጀመሪያውን ብታሳልፊልኝ ኖሮ ዓይኔን ጨፍኜ ‹ጥሩ› ብዬ እፈርም ነበር» አለኝ።

«ሐሰት ነበራ።»

«ሐሰት ነበር። አሁን ግን ራሱ ‹ደካማ› ብሎ ጽፎ፣ የመንግሥት ሲሚንቶ አፍስሶ ማንም የማይጠጣው ምንጭ ሠራሁ ብሎ ፈርሞ፣ እኔ ከሥሩ ‹ጥሩ› ልበል? ከበላይ ያለው ሰው አንቺን አያይም፣ ሽማግሌውን አያይም። ይህችን መስመር ነው የሚያየው።»

«እኮ ያራዝሙለት።»

«እጠይቅለታለሁ» አለ። ጠይቆለታልም፤ የላከውን ደብዳቤ አሳይቶኛል። መልሱ ሐምሌ ውስጥ መጣ። ሥራው ውጤት አላስገኘም፣ በራሱም ቃል ተረጋግጧል፤ ይሰናበት። ያን ዓመት «ሌት ተቀን» ያሉት ሁሉ «ጥሩ» አግኝተው አለፉ። ውሸታቸውን ሰርዤላቸው፣ ባዶውን ዓረፍተ ነገር አስተካክዬላቸው፣ እኔው አሳምሬ ነው ያሳለፍኋቸው።

ልጁ ስንብቱን ከተቀበለ በኋላም አልሄደም። ያ ሁሉ ሲሆን ደመወዝ የለውም። በየቀኑ በሰው ጋሪ ተሳፍሮ ወደ ምንጩ ይሄድ ነበር። ሽማግሌዎቹ አጥንቱን ባወጡ ቀን ከኔ ጋር ነበር የሄደው። ነጠላው ገና አልበሰበሰም ነበር። በአዲስ አቡጀዲ ከፍነው፣ በቀኝ ጎኑ፣ ፊቱን ወደ ሰሜን አድርገው ሲመልሱት ራሱን ገልጦ ከጥግ ቆመ። ሽማግሌው ጭብጥ አፈር ሰጡትና ከነሱ ጋር ጣለ። የጎደለውን ቧንቧና ሲሚንቶ ለምኖ አመጣ፤ ቧንቧውን በጎን የሚያዞረውን ቦይም እሱው ቆፈረ። ጨርሶ ሚስቱን ይዞ ከጎባ ወጣ። ሚስቱ ከመስኮቴ ሥር ስታልፍ እንዳስለመደችኝ ቀና አላለችም። አልፈርድባትም፤ «ማን ይጠጣዋል?» ያልሁት እኔ ነኝ፣ ጥያቄውም ትክክል ነበር። ትክክል መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የማያስተኛኝ።

በተከታዩ ሰኔ እሱን የተካው ሳኒተሪያን መግለጫውን አመጣ። ደልደል ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነበር። «በሮቤና በገሰራ መካከል ለሚገኘው መንደር የሚጠጣ ምንጭ አስገኝቻለሁ» ይላል። ማስረጃም አያይዟል፤ የሽማግሌዎች የጣት አሻራ፣ በክፍት ክሊኒክ የተያዘ መዝገብ። ሄጄ አየሁ። የመቅጃው ድንጋይ በእንስራ ጠርዝ ተጭሯል፣ ጭቃው በሰው እግር ተረግጧል፣ አንዲት ሴት በቅል ቀድታ ሰጠችኝ፤ ጠጣሁ፤ ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር። ሁሉም ልክ ነው። ለምን ተብሎ ለሚጠየቅ ሁሉ መልስ አለው።

ተመልሼ ሰውዬውን አስቀመጥሁት።

«ምንጩ ላይ አንተ ምን ሠራህ?»

ፈገግ አለ። «አጥሩን አሳድሻለሁ፣ ሲስተር። ክዳኑንም ቀለም አስቀብቻለሁ።»

መስመሩን ሰረዝሁ። ከሥሩ «ምንጩን የሠራው፣ ያበላሸውና ያቃናው ከዚህ በፊት የነበረው ሠራተኛ ነው፤ በዚሁ ሥራ ተሰናብቷል» ብዬ በቀለም ጻፍሁ። አለቃችን አነበበው። የሄደ ሰው ደረጃ አይሰጠውም፣ የተሰረዘ ወረቀትም ወደ በላይ አይሄድም፤ ያንቺን መስመር ትተሽ የሱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጪልኝ አለኝ።

እኔ አልገለበጥሁም። ሌላ ሰው ገለበጠው።